አብሮ ስለማርጀት ለትዳር ጓደኛ ስምንት ስንኝ እንዴት ይጻፋል?

ለትዳር ጓደኛ ግጥም ልጻፍ ብሎ የተነሣ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ጨረቃ፣ ወደ አበባና ወደ ዘላለም ነው። እነዚህ ለአዲስ ፍቅር ይሆኑ ይሆናል። ብዙ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ሰዎች የሚተዋወቁት ግን በሌላ ነገር ነው፤ በር ማን እንደሚቆልፍ፣ መድኃኒት ማን እንደሚያስታውስ፣ ደረጃ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚደክም ያውቃሉ። ከዚህ በታች የማሳየው ከእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ስምንት ስንኝ እንዴት እንደሚወጣ ነው። ለማሳያ የምጠቀመው ለባለቤቴ የጻፍኩትን ግጥም ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ እዚያ ላይ ይታያል።

ስምንት ስንኝ ያልኩት በምክንያት ነው። በአራት ስንኝ ሁለት ሥዕል ብቻ ይገባል፤ ሁለት ሥዕል ደግሞ የአንድ ቀን ገጠመኝ ይመስላል እንጂ አብሮ መኖርን አያሳይም። ከአሥራ ሁለት በላይ ሲሆን መደጋገም ይጀምራል። በስምንቱ ውስጥ አራት ጥንድ ስንኞች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሥዕል ይበቃል።

አንደኛ፦ ድርጊት መሰብሰብ

ብዕር ከማንሣትዎ በፊት ለጥቂት ቀናት ቤት ውስጥ የሚሆነውን ልብ ይበሉ፤ ያዩትንም ሳያስጌጡ በአጭሩ ይጻፉ። መሰብሰብ ያለበት ድርጊት ነው። «ታጋሽ ናት» የሚለው ለግጥም አይሆንም፤ «ደረጃ ላይ ስደክም ዕቃ የረሳች መስላ ትቆማለች» የሚለው ይሆናል። ልዩነቱን የሚያውቁት እንዲህ ነው፦ የጻፉትን ዐረፍተ ነገር ጎረቤትዎ ለራሱ ሚስት ሳይለውጥ ሊሰጣት ይችላል? ከቻለ ይሠርዙት። የእርስዎ ቤት የሚታወቅበትን ነገር እስኪያገኙ ድረስ ይቀጥሉ።

የእኔ ዝርዝር ላይ ብዙ ነገር ነበር። ግጥሙ ውስጥ የገቡት አራት ናቸው፦ መነጽሯ ጭንቅላቷ ላይ ሳለ ቤቱን ሁሉ ትፈልጋለች፤ ደረጃ ላይ ስደክም እንዳላፍር ብላ ታስመስላለች፤ ደጋግሜ ያወራሁትን ታሪክ እንደ አዲስ ትሰማኛለች፤ ማታ ማታ በሩን ቆልፌ ስመለስም «በሩን ቆለፍከው ወይ?» ትላለች።

እዚህ ላይ ቸል የማይባል ጉዳይ አለ። አብሮ የማርጀት ግጥም የሰውነት መድከምን መንካቱ አይቀርም፤ የማን ድካም እንደሚነገር ግን መመዘን ያስፈልጋል። ከበድ የሚለውን፣ የሚያሳፍረውን ድካም ገጣሚው በራሱ ላይ ይውሰደው። በእኔ አራት ሥዕሎች ውስጥ ጉልበቱ የከዳው እኔ ነኝ፣ ወሬ የሚደጋግመውም እኔ ነኝ። ለእሷ የተተወላት ሁለታችንንም የሚያስቅ የመነጽር መጥፋትና አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። ይህ ሚዛን ከተገለበጠ ስጦታው ወቀሳ ይሆናል። የምትደብቀው ሕመም ወይም የማትወደው የመልክ ለውጥ ካለ ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር ስንኝ ውስጥ አይግባ።

ሁለተኛ፦ ምጣኔውን መምረጥ

በአማርኛ ግጥም ስንኙ ብዙ ጊዜ ለሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ በመካከላቸው አጭር ትንፋሽ አለ። ለዚህ ጉዳይ የምመክረው የወል ቤት የሚባለውን ነው። እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፣ ማለትም ስድስት የድምፅ ምት፣ ስንኙ አሥራ ሁለት ቀለም ይይዛል። አምስት በአምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን ፈጠን ይላል፤ አራት በአራት የሚሄደው ቡሄ በሉ ደግሞ ለጨዋታና ለጭፈራ የተመቸ ስለሆነ የረጋውን የቤት ውስጥ ሕይወት ያጣድፈዋል። የወል ቤት ግን ሰው ተቀምጦ በሚያወራበት ፍጥነት ይሄዳል። አንድ ሙሉ ድርጊትም ይይዛል፤ በመጀመሪያው ሐረግ ሁኔታው፣ በሁለተኛው የሆነው ነገር ይገባል።

ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ ነው። የፊደል ብዛት ያሳስታል፤ ምክንያቱም ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ለብቻው አይቆጠርም፣ ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ይደገፋል። «ጉልበቴ ሲከዳኝ» የሚለውን ጠረጴዛ እየመቱ ይበሉት፦ ጉል፣ በ፣ ቴ፣ ሲ፣ ከ፣ ዳኝ። ስድስት ሆነ። «ደረጃው ሲረዝም» ደግሞ ደ፣ ረ፣ ጃው፣ ሲ፣ ረ፣ ዝም ይሆናል፤ ይህም ስድስት ነው። ሁለት አናባቢ ሲገናኙ ደግሞ አንዱ ይዋጣል። «ዕቃ እንደረሳ ሰው» ሲነበብ ዕ፣ ቃን፣ ደ፣ ረ፣ ሳ፣ ሰው ይሆናል፤ የ«እንደ» መነሻ ከፊቱ ካለው «ቃ» ጋር ተቀላቅሏል። አንዳንዴም ሳድሷ ትንሽ ትሳብና የራሷን ምት ታገኛለች፤ ግጥሜ መጨረሻ ላይ ያለው «አይጥፋ» አይ፣ ጥ፣ ፋ ተብሎ ነው የሚነበበው። ስለዚህ ሲቸገሩ ጮክ ብለው ደጋግመው ያንብቡት። ምላስዎ ሳይቸኩል ሳይጎትትም ከሄደ ቆጠራው ልክ ነው።

ሦስተኛ፦ ቤት መምቻውን መፈለግ

ቤት የሚመታው በስንኙ የመጨረሻ ፊደል ነው። ከሁለት ሁለት ስንኝ አንድ ፊደል ላይ ቢወድቅ ይበቃል፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ችግሩ ቤት ማግኘት በአማርኛ ከመጠን በላይ ቀላል መሆኑ ነው። ዐረፍተ ነገራችን የሚያልቀው በግሥ ነው፤ ግሡ ደግሞ መጨረሻው ላይ ማን እንዳደረገውና ለማን እንደተደረገ የሚናገር ቅጥያ ይዟል። ስለዚህ ለሚስቱ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ስምንቱንም ስንኝ በ«ሻለሁ» ይዘጋል፦ እወድሻለሁ፣ አከብርሻለሁ፣ እኖርልሻለሁ። ፊደሉ ገጥሟል፤ ጆሮ ግን ምንም አልተደሰተም። ምክንያቱም የገጠመው ሰዋስው እንጂ ቃል አይደለም።

መፈተኛው አጭር ነው። ከሁለቱ መጨረሻ ቃላት ላይ ቅጥያውን ያንሡት። የቀረው ምንም የማይመሳሰል ከሆነ ቤቱ ደካማ ነው። ጥሩ ቤት የሚገኘው የግሡ ሥር ፊደል ራሱ ሲገጥም ነው፤ ከመጨረሻው በፊት ያለው ፊደልም ቢቻል በአናባቢው ቢመሳሰል የበለጠ ይጣፍጣል። «ሳለ» እና «ዋለ» ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ለ ገጥሟል፣ ከፊቱ ያሉት ሳ እና ዋም ሁለቱም ራብዕ ናቸው። «ሳወራ» እና «እያበራ» ላይ ደግሞ ራ ገጥሞ ወ እና በ በግዕዝ ድምፅ ተመሳስለዋል።

ቤት ሲጠፋዎ ቃሉን ከመጣልዎ በፊት ግሡን ያርቡት። «ሰማሽው» አልገጥም ቢል «ሰምተሽ»፣ «ስትሰሚ»፣ «መስማት» እያሉ ቢሞክሩ በእያንዳንዱ ሌላ መድረሻ ፊደል ይመጣል። ወይም ሁለቱን ሐረጎች ቦታ ያለዋውጡ፤ ይህን ከታች በዝርዝር አሳያለሁ። አንድ ሌላ የምተማመንበት ዘዴ አለ፦ ከጥንዱ ሁለተኛውን ስንኝ አስቀድሞ መጻፍ። ሰሚ የሚያርፈው ሁለተኛው ላይ ስለሆነ ሊነካ የማይገባው፣ እውነተኛው ሐሳብ እዚያ ይቀመጥ፤ ቤት ፍለጋው የመጀመሪያውን ስንኝ ይጠምዝዘው። ተገላቢጦሽ ከሆነ ሁለተኛው ስንኝ ቤት ለመምታት ብቻ የመጣ ይመስላል፤ አንባቢም ይህን ወዲያው ያውቃል።

አራተኛ፦ ረቂቁን መጻፍና ማቃናት

ሥራው ያለው እዚህ ስለሆነ ጥንዶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ጥንድ ረቂቅ እንዲህ ነበር፦

መነጽሬን ስትዪ ከራስሽ ላይ ሳለ፣
ሁለታችን ስቀን ፍቅራችን አየለ።

ቀለሙ ልክ ነው፣ ቤቱም መትቷል። «ፍቅራችን አየለ» ግን ባዶ ነው። ከፊቱ መነጽር ነበር፣ ጭንቅላት ነበር፣ ሳቅ ነበር፤ እሱ ሲመጣ የሚታየው ነገር ሁሉ ጠፋ። እንዲህ ዓይነት ሐረግ ሲገጥምዎ «ይህ በምን ታወቀ?» ብለው ይጠይቁት። ፍቅሩ ማየሉ በምን ታወቀ? በሳቁ መቆየት። ስለዚህ ስንኙ እንዲህ ሆነ፦

መነጽሬን ስትዪ ከራስሽ ላይ ሳለ፣
ጧት የጀመርነው ሳቅ እስከ ማታ ዋለ።

«ጧት» የተባለው «ጠዋት» አንድ ቀለም ስለሚጨምር ነው። በዚያውም «አየለ» ወጥቶ «ዋለ» ሲገባ ቤቱ ጠነከረ፣ አንድ ሙሉ ቀንም ወደ ግጥሙ ገባ።

ሁለተኛው ጥንድ በረቂቁ፦

ደረጃው ሲረዝም ጉልበቴ ሲከዳኝ፣
ዕቃ እንደረሳ ሰው ዝም ብለሽ ጠበቅሽኝ።

ሥዕሉ የምፈልገው ነው፤ አንድም ቃል መጣል አልፈለግሁም። ቤቱ ግን ቅጥያ ብቻ ነው፤ «ኝ»ን ሲያነሡት «ሲከዳ» እና «ጠበቅሽ» ይቀራሉ፤ አይመሳሰሉም። መፍትሔው ቃል መለወጥ አልነበረም። በመጀመሪያው ስንኝ ሁለቱን ሐረጎች ማለዋወጥ፣ በሁለተኛው ደግሞ «ጠበቅሽኝ»ን ወደ ፊት ማምጣት በቃ፦

ጉልበቴ ሲከዳኝ ደረጃው ሲረዝም፣
ዕቃ እንደረሳ ሰው ጠበቅሽኝ ብለሽ ዝም።

አሁን «ሲረዝም» ከ«ዝም» ጋር በሁለት ፊደል ገጠመ። ምጣኔው አልተነካም፤ ጠ፣ በቅ፣ ሽኝ፣ ብ፣ ለሽ፣ ዝም። «ብለሽ ዝም» የቃላቱ ተራ የተገለበጠ ነው፤ በግጥም ይፈቀዳል፤ ሆኖም የሚፈቀደው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ቃል ክብደት ሲኖረው ነው። እዚህ የጥንዱ ሐሳብ ሁሉ ዝምታዋ ላይ ስለሆነ ግልበጣው ዋጋ አለው። ለቤት ብቻ የሚደረግ ግልበጣ ግን ንግግሩን ያጣምመዋልና በአንድ ግጥም ውስጥ ከአንድ ባይበልጥ ይሻላል።

ሦስተኛው ጥንድ የመብዛት ችግር ነበረበት፦ «ያንን የአምናውን ወሬዬን ዘንድሮም ደግሜ ሳወራ»። ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል። የበዛውን ሲቆርጡ ሁለት ጊዜ የተባለውን ይፈልጉ። «የአምናውን» ካለ «ያንን» ትርፍ ነው፤ «ዘንድሮም» ካለም «ደግሜ» ትርፍ ነው። ሁለቱ ሲወጡ ስድስት በስድስት ሆኖ ቀረ፦

የአምናውን ወሬዬን ዘንድሮም ሳወራ፣
እንደ አዲስ ሰማሽው ፊትሽ እያበራ።

በተቃራኒው ቀለም ሲያንስ ሰው «እኮ»፣ «ደግሞ»፣ «ውዴ»፣ «ሁሌም» እያለ ይሞላል። እነዚህን ከመጨመር ሐረጉን አፍርሶ እንደገና መሥራት ይሻላል። አንድ «ሁሌም» አንድ ድርጊት ሊገባበት የሚችል ቦታ ይወስዳል፤ በስምንት ስንኝ ውስጥ ደግሞ ቦታ ውድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እስካሁን «እርጅና»፣ «ሽበት» ወይም «ዘመን» የሚል ቃል የለም። አያስፈልግም። ዕድሜን የተሸከሙት «ጧት» እና «ማታ»፣ «አምና» እና «ዘንድሮ» ናቸው። እነዚህ ትንንሽ የጊዜ ቃላት ጊዜው ማለፉን ያሳያሉ፤ «አብረን አረጀን» ማለት ግን ለሰሚው ምንም ሥራ አይተውለትም።

አምስተኛ፦ የመጨረሻው ጥንድ

ሦስቱ ጥንዶች የሆነውን ነገር ተናግረዋል። አራተኛውም የሆነ ነገር ቢናገር ግጥሙ ዝርዝር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜው ወደ ፊት መዞር አለበት፦ ወደ ነገ፣ ወደ ምኞት። አደጋውም እዚሁ ነው፤ ምኞት ሲመጣ «ለዘላለም» እና «አንለያይ» ተከትለው ይመጣሉ። መከላከያው ምኞቱን ከሰበሰቡት ድርጊት በአንዱ ማሰር ነው። ከዕለቱ ልማዶች መካከል ብትቀር የምትናፍቋት የትኛዋ ናት? መመኘት ያለበት የእሷ መቀጠል ነው።

ለእኔ የበሩ ጥያቄ ነበረች። በመጀመሪያ የተጻፈው ሁለተኛው ስንኝ ነው፦ «በሩን ቆለፍከው ወይ» ጥያቄሽ አይጥፋ። ከዚያ በፋ የሚያልቅ መነሻ ፈለግሁ፤ ማታ የምሠራውን ሳስብ መብራት ማጥፋት መጣ፦

ነገም በር ቆልፌ መብራቱን ሳጠፋ፣
«በሩን ቆለፍከው ወይ» ጥያቄሽ አይጥፋ።

«ሳጠፋ» እና «አይጥፋ» ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው፤ በሌላ ቦታ ቢሆን ቤቱን አሳንሰው ነበር። እዚህ የተውኩት መብራቱ ሲጠፋ ድምፅዋ እንዳይጠፋ የሚለው ሐሳብ በዚሁ መመሳሰል ስለሚሰማ ነው። በሩን ቆልፌ ሳበቃ እንድትጠይቀኝ መፈለጌም ሆን ተብሎ የገባ ነው፤ መልሱን ለማወቅ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሙሉው ግጥም ይኸው፦

መነጽሬን ስትዪ ከራስሽ ላይ ሳለ፣
ጧት የጀመርነው ሳቅ እስከ ማታ ዋለ።
ጉልበቴ ሲከዳኝ ደረጃው ሲረዝም፣
ዕቃ እንደረሳ ሰው ጠበቅሽኝ ብለሽ ዝም።
የአምናውን ወሬዬን ዘንድሮም ሳወራ፣
እንደ አዲስ ሰማሽው ፊትሽ እያበራ።
ነገም በር ቆልፌ መብራቱን ሳጠፋ፣
«በሩን ቆለፍከው ወይ» ጥያቄሽ አይጥፋ።

ስድስተኛ፦ ማንበብና መገልበጥ

ግጥሙን ለአንድ ሌሊት ያሳድሩትና በማግሥቱ ጮክ ብለው ያንብቡት። የሚደናቀፉበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ እዚያ ቀለም በዝቷል ወይም አንሷል። ድምፅዎ ሳያስቡት የሚፈጥንበት ሐረግ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ እርስዎም የማያምኑበት፣ ለመሙላት የገባ ሐረግ ነው፤ ወደ ዝርዝርዎ ተመልሰው በድርጊት ይተኩት። ቤት በሚመታው ፊደል ላይ ብቻ ድምፅዎን ከፍ እያደረጉ አያንብቡ፤ ሐሳቡን እየተናገሩ ሲያነቡት ቤቱ ራሱ ይሰማል።

ሲገለብጡት በእጅ ጽሑፍ ቢሆን ጥሩ ነው። በሁለቱ ሐረጎች መካከል ትንሽ ክፍተት ይተዉ፤ የሚያነበው ሰው ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ያየዋል። በየጥንዱ መጀመሪያ ስንኝ ነጠላ ሰረዝ፣ በሁለተኛው አራት ነጥብ ይበቃል። ርእስ አያስፈልግም። ከግርጌ ቀኑን ይጻፉ፤ ወረቀቱ ከዓመታት በኋላ ከመሳቢያ ሲወጣ የሚፈለገው እሱ ነው።

ሚስት ለባሏ ስትጽፍ አብዛኛው አካሄድ ሳይለወጥ ይሠራል፤ ቀለሙን ግን እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሴትና የወንድ ቅጥያ እኩል ርዝመት የላቸውም። በዚህ ግጥም «ጠበቅሽኝ» «ጠበቅከኝ»፣ «ሰማሽው» «ሰማኸው»፣ «ቆለፍከው» «ቆለፍሽው» ቢሆኑ ቆጠራው አይናጋም። «ስትዪ» ወደ «ስትል» ሲለወጥ ግን አንድ ቀለም ይጎድላል። እዚያ ላይ «መነጽሬን ስትለኝ» ቢባል ጉድለቱ ይሞላል፤ ሲፈልግ ለማን እንደሚናገርም ይታወቃል።